ሌንሱን ገልብጡት

ጠረጴዛዬ ላይ ከአሮጌ የስላይድ ፕሮጀክተር ሆድ የወጣ ሌንስ አለ። አንዱ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ሌላው እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሏል። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከሩቅ የመጣን ብርሃን ከኋላው 100 ሚሊ ሜትር ላይ ይሰበስባል። ይህን ርቀት የሙያው ሰዎች የትኩረት ርቀት ይሉታል።

አንድ ምሽት የቤቱን መብራት አጠፋሁና የስልኬን ባትሪ አብርቼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አቆምኩት። እኔ በሌላኛው ጫፍ ሆኜ የሌንሱን ልሙጥ ፊት ወደ ብርሃኑ አዞርኩ፤ ከኋላው ደግሞ ነጭ ወረቀት ያዝኩ። ወረቀቱን ባስጠጋውም ባርቀውም ጥርት ያለ ነጥብ ላገኝ አልቻልኩም። መሃሉ ደማቅ ነው፤ ዙሪያውን ግን ሰፊ የብርሃን ጭጋግ ከቦታል። ከዚያ ሌላ ምንም ሳልነካ ሌንሱን ብቻ ገለበጥኩት፤ አሁን ጉብ ያለው ፊት ወደ ብርሃኑ ዞረ። ጭጋጉ ወዲያው ተሰበሰበ። ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ኢምንት ሆነ።

ሙከራውን ቤታችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ፤ ብርሃኑ ግን የስልክ ወይም የእጅ ባትሪ ይሁን። ይህን በሚያህል ሌንስ የተሰበሰበ ፀሐይ ወረቀቱን በአፍታ ያቃጥላል፤ በሌንስ ውስጥ ፀሐይን ማየት ደግሞ ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ሌንሱ ያው ነው፤ መብራቱም ወረቀቱም አልተለወጡም። ታዲያ መገልበጡ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው እንዴት ነው? መልሱ አንድ ብቻውን የሚሠራ ሌንስ ካሉበት ሁለት ዋና ግድፈቶች ወደ መጀመሪያው ይወስደናል። እሱም ስፌሪካል አበሬሽን ይባላል፤ በአማርኛ የክብነት ግድፈት ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው ክሮማቲክ አበሬሽን ወይም የቀለም ግድፈት ነው። ሁለቱም ምስልን ያደበዝዛሉ። ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ ከሌንሱ ቅርጽ፣ ሌላው ከብርጭቆው ባሕርይ ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ከቅርጹ እንጀምር። ሌንስ ሲሠራ ብርጭቆው የሚሳለው በሌላ ክብ ነገር ላይ እየታሸ ነው። ሁለት ነገሮችን በአሸዋ መሃል አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ ብታሿቸው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚገጥሙበት ቅርጽ የሉል ቁራጭ ብቻ ነው። የሌንስ ፊት እንደ ኳስ ቅርፊት ክብ የሆነው ለመሳል ስለሚቀል እንጂ ለብርሃን የተሻለ ስለሆነ አይደለም። ብርሃንን በአንድ ነጥብ ለመሰብሰብ የኳስ ቅርጽ ትክክለኛው ቅርጽ አይደለም፤ ወደ ትክክለኛው የሚቀርበው መሃሉ አካባቢ ብቻ ነው።

ለምን? ብርሃን ከብርጭቆ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ያጥፋል። የሚታጠፈው መጠን ፊቱን በመታበት ማዕዘን ይወሰናል፤ ነገር ግን ሁለቱ እኩል አያድጉም። በተለመደው ብርጭቆ ጨረሩ ፊቱን በ10 ዲግሪ ሲመታ በ5 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። በ20 ዲግሪ ሲመታ 11 ዲግሪ ይጠጋል። በ30 ዲግሪ ሲሆን ግን፣ 15 ሊሆን ነው ብለን ስንጠብቅ፣ 18.6 ይሆናል። ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር መታጠፉ ከሚገባው በላይ ይሆናል ማለት ነው። በሌንስ ላይ ደግሞ ሰፊ ማዕዘን የሚገኘው ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ በጠርዝ ያለፈው ብርሃን ከሚገባው በላይ ታጥፎ፣ በመሃል ካለፈው ቀድሞ ይገናኛል። ወረቀቱን የትም ብታስቀምጡት አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ይበተናል። ያየሁት የብርሃን ጭጋግ ይህ ነው።

አሁን በእኔ ሌንስ ላይ አንድ ጨረር እንከተል። ጉብ ያለው ፊት 50 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ካለው ኳስ የተቆረጠ ነው እንበል፤ ይህ ከ100 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ጋር ይስማማል። ጨረራችን በሌንሱ ጫፍ፣ ከመሃሉ 25 ሚሊ ሜትር ርቆ ይመጣል። 100 ሚሊ ሜትር ላይ ካሉት ጓደኞቹ ጋር እንዲገናኝ በ14 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ነበረበት።

ልሙጡ ፊት ወደ ብርሃኑ ሲዞር ጨረሩ ያንን ፊት ቀጥ ብሎ ስለሚመታው ምንም ሳይታጠፍ ያልፋል። ሥራው በሙሉ በኋለኛው ፊት ላይ ይወድቃል። ጨረሩ ይህን ፊት የሚመታው በ30 ዲግሪ ስለሆነ 18.6 ዲግሪ ታጥፎ ይወጣል። ውጤቱ ከሌንሱ ጀርባ 68 ሚሊ ሜትር ላይ መሃለኛውን መስመር ማቋረጥ ነው፤ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሟል። ሌንሱ ሲገለበጥ ግን ሥራው ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ፊት ጨረሩን በ10.5 ዲግሪ ያጥፈዋል፤ ልሙጡ ፊት 5.4 ዲግሪ ይጨምርበታል። ድምሩ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። አሁንም ከ14 ይበልጣል፤ ቢሆንም ጨረሩ የሚቀድመው በ8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ከባድ ሸክም አንድ ሰው ሲሸከመውና ሁለት ሰዎች ሲከፋፈሉት እንዳለው ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ፊት ትንሽ ትንሽ ሲያጥፍ ማዕዘኖቹ ጠባብ ሆነው ይቆያሉ፤ ጠባብ ማዕዘን ደግሞ ስህተቱ ትንሽ ነው። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ጉብ ያለው ፊት፣ ብርሃኑ ትይዩ ሆኖ ወደሚሄድበት ወገን ይዙር። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ትይዩ ስለሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ጉብታው ወደ ውጭ ነው። አምፖሉ ሌንሱ አጠገብ ሆኖ ብርሃኑ ትይዩ ሆኖ እንዲወጣ ሲፈለግ ደግሞ ልሙጡ ፊት ወደ አምፖሉ ይዞራል። የእኔ ሌንስ በፕሮጀክተሩ ውስጥ መንትያ ነበረው፤ የሁለቱም ጉብታ እርስ በርስ ይተያይ ነበር። ነገሩ ለሌንሶቹ ውበት ተብሎ የተደረገ አይደለም። አንዱ ሌንስ የአምፖሉን ብርሃን ትይዩ ያደርጋል፤ ሌላው ያንኑ ይሰበስባል፤ የመታጠፉ ሥራም በአራት ፊቶች ይከፋፈላል። አንድ ወፍራም ሌንስን በሁለት ቀጫጭን ሌንሶች መተካት የክብነት ግድፈትን በደንብ የሚቀንስ የቆየ ብልሃት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ይቀላል፤ ካርቶንና መቀስ ይበቃዋል። ስህተቱ ያለው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ጠርዙን መሸፈን ነው። ካርቶኑ መሃል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቆርጬ ሌንሱ ላይ ለጠፍኩት። ስሌቱ ይህን ይላል፦ ልሙጡ ፊት ወደ ብርሃኑ ቢዞር እንኳ የ32 ሚሊ ሜትሩ መቅደም ወደ 7 ይወርዳል። ይበልጥ የሚገርመው የጭጋጉ ስፋት ነው። ወረቀቱ መሃለኛው ብርሃን በሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ሲቆም፣ ጭጋጉ ከነጥቡ 11 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዘረጋ ነበር፤ በካርቶኑ ምክንያት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቀዳዳው በግማሽ ሲጠብ ጭጋጉ ግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ስምንት እጅና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ሌንሱን መገልበጡ ሲታከልበት ደግሞ ከሩብ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሌንሱን ስገለብጥ ያወጣሁት ወጪ የለም፤ ካርቶኑን ስለጥፍ ግን ከብርሃኑ ሦስት አራተኛውን አጥቻለሁ። መጀመሪያ ገልብጡ፣ ቀጥሎ ሸፍኑ የምለው ለዚህ ነው።

ጠርዙ በእርግጥ ጥፋተኛ መሆኑን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ የካርቶኑን ነገር መገልበጥ ነው። 44 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ቁረጡና የሌንሱን መሃል ሸፍኑ፤ ጠርዙ ብቻ እንደ ቀለበት ክፍት ይሁን። ልሙጡን ፊት ወደ ብርሃኑ አዙራችሁ ወረቀቱን አንቀሳቅሱ። ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ይሆናል። መሸፈኛውን አንስታችሁ በምትኩ መሃሉ በትንሹ የተቀደደ ካርቶን ስታስቀምጡ ነጥቡ ወደ 100 ይሄዳል። በአንድ ሌንስ ውስጥ ሁለት ሌንሶች ያሉ ይመስላል።

ቅርጹን ራሱ ማረምስ? ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራው የሌንሱ ፊት ከኳስ ይልቅ ጠርዙ ላይ ለዘብ የሚል፣ ሃይፐርቦላ የሚባለውን ቅርጽ ቢይዝ ብርሃኑ በአንድ ነጥብ እንደሚሰበሰብ አሳይቷል። ሒሳቡ ትክክል ነበር። የዘመኑ እጅና መሣሪያ ግን ያንን ቅርጽ በሚፈለገው ጥራት ሊስል አልቻለም፤ ብርጭቆ ሲታሽ ወደ ኳስ ቅርጽ ያደላልና። ዛሬ በቅርጽ ማውጫ የሚቀረጹ ሌንሶች ይህን ችግር አልፈውታል። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ካሜራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ሌንሶች አንዳቸውም ተራ የኳስ ቁራጭ አይደሉም ማለት ይቻላል።

ዴካርት ግን ያላወቀው ነገር ነበር። ቅርጹ ፍጹም ቢሆን እንኳ ምስሉ ጥርት አይልም ነበር። ቀሪው ብዥታ ከቅርጽ የመጣ አይደለምና።

ይህን ለማየት ሌላ ሙከራ አደረግሁ። የስልኬን መስኮት ለሁለት ከፍሎ ግራውን ቀይ፣ ቀኙን ሰማያዊ የሚያደርግ ሥዕል አዘጋጀሁ፤ በሁለቱም ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ጨመርኩ። ስልኩን ከሌንሱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አቆምኩት። በዚህ ርቀት ምስሉም ከሌንሱ በሌላው ወገን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ በእኩል መጠን ይወጣል። የክብነት ግድፈቱ እንዳይረብሸኝ ሌንሱን 15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ካርቶን ሸፈንኩት። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ እያልኩ አራቅሁ።

መጀመሪያ የሰማያዊው መስመሮች ጥርት አሉ፤ በቀዩ ወገን ያሉት ግን ገና ድብዝዝ ናቸው። ወረቀቱን 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ሳርቀው ነገሩ ተገለበጠ፤ ቀዩ ጠራ፣ ሰማያዊው ተበላሸ። ሁለቱም አንድ ላይ የጠሩበት ቦታ አላገኘሁም። ቀዳዳውን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበብኩት። ብዥታው ቀነሰ፤ ነገር ግን በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም፤ ሰማያዊው አሁንም ቀድሞ ነው የሚጠራው። ጠርዙን የሸፈነ ካርቶን ብርጭቆው ቀለማትን የሚለይበትን ባሕርይ ሊነካው አይችልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከየቀለሙ የሚወጣውን የብርሃን ሾጣጣ ማቅጠን ነው።

ምክንያቱ ፕሪዝም ቀስተ ደመና የሚያወጣበት ምክንያት ነው። ብርጭቆ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ትንሽ አብልጦ ያጥፋል። የሌንስ ጠርዝ እንደ ፕሪዝም ነው። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ በነጭ ወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር ጽሑፍ ብታዩ፣ በሌንሱ ዳር ዳር ያሉት ፊደላት አንድ ጎናቸው ቀላ፣ ሌላው ሰማያዊ ያለ ጥለት ይኖራቸዋል። እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ነው፤ አንድ ጊዜ ካያችሁት ግን ከዚያ በኋላ አይጠፋችሁም።

ይህ ልዩነት ለየብርጭቆው በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ኤርንስት አቤ ሲሆን የአቤ ቁጥር ይባላል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ የትኩረት ርቀቱን ለዚህ ቁጥር ብታካፍሉት በቀዩና በሰማያዊው ትኩረት መካከል ያለውን ርቀት ትደርሱበታላችሁ። ለጥሩ ሌንስ የሚመረጠው ክራውን የተባለው ብርጭቆ 64 ገደማ አለው። ስለዚህ 100 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ ቀይና ሰማያዊን 1.6 ሚሊ ሜትር ያራርቃል። በቀላሉ የማይሰበረው የፖሊካርቦኔት መነጽር ቁጥሩ 30 ብቻ ነው፤ መራራቁ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጠንካራ ቁጥር ያለው የፖሊካርቦኔት መነጽር ያደረገ ሰው ወደ ጎን ሲመለከት በመብራት ዙሪያ የቀለም ጥለት አየሁ ቢል እውነቱን ነው። መነጽር ስታሠሩ ይህ ችግር ካስመረራችሁ፣ ተራው ሲ-አር 39 የተባለው ፕላስቲክ ቁጥሩ 58 መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በምትኩ ግን መሰበርን የመቋቋም ኃይሉ ያንሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለቱን ግድፈቶች እናነጻጽር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የእኔ ሰፊ ሌንስ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሲሆን የክብነት ግድፈቱ እንደ አያያዙ 8 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀለም ግድፈቱ 1.6 ብቻ። በዚህ ሁኔታ ስለ ቀለም መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። ሌንሱ ሲጠብ ግን የክብነቱ በፍጥነት ይወድቃል፤ የቀለሙ ባለበት ይቆያል። በግምት የሌንሱ ስፋት ከትኩረት ርቀቱ ሩብ በታች ሲሆን ዋናው ጠላት ቀለም ይሆናል። በእርግጠኝነት ለመለየት የሚያስችል ዘዴም አለ። በአንድ ቀለም ብርሃን ብቻ፣ ለምሳሌ በአረንጓዴ ኤል-ኢ-ዲ ወይም ከብርሃኑ ፊት ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ማጣሪያ አድርጋችሁ፣ ምስሉን እዩት። ብዥታው ከጠፋ ምክንያቱ ቀለም ነበር። ካልጠፋ ቅርጹ ነው፤ ወይም ሌንሱ ቆሽሿል። አንድ ቀለም ያለው ብርሃን መጠቀም በራሱ መድኃኒት ነው፤ ቢጫ ማጣሪያም ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ምስሉን ጠራ ያደርገዋል። እርግጥ በቀለም የምንከፍለው ዋጋ አለ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሰማይ ተመልካቾች ቀለምን ማጥፋት ሲያቅታቸው ሸሹት። ሽሽታቸው በርዝመት ነበር። በዛሬዋ ግዳንስክ፣ በዚያን ጊዜዋ ዳንዚግ ይኖር የነበረው ዮሐንስ ሄቬሊየስ 46 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ ሠርቶ በምሰሶ ላይ አንጠልጥሎ በገመድ ያንቀሳቅሰው ነበር። ንፋስ ሲነካው ይወዛወዛል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይጎብጣል። ይህን ሁሉ መከራ የተቀበለው ለምን ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። የትኩረት ርቀቱ ሲረዝም ቀይና ሰማያዊ ይበልጥ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ የሚባባስ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ትኩረቱ የሚሄደው የብርሃን ሾጣጣ በዚያው ልክ ይቀጥናል። ሁለቱ ይጣፋሉ። በመጨረሻ የቀለም ብዥታው ስፋት በሌንሱ ስፋት ብቻ ይወሰናል፤ ከሌንሱ ስፋት 120ኛ እጅ ገደማ ነው። የሚያድገው ምስሉ ነው። ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጨረቃ ምስል 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ብዥታው 0.4 ነው፤ ማለትም የጨረቃን ግማሽ ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ስፋቱን ሳንለውጥ የትኩረት ርቀቱን 1 ሜትር ብናደርገው የጨረቃዋ ምስል 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ብዥታው አሁንም 0.4 ነው። በ46 ሜትር ደግሞ ጨረቃ 40 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ እንጀራ ታህላለች። ሄቬሊየስ የገዛው ይህንን ነው። የክብነቱ ግድፈት በእንዲህ ያለ ረጅም ሌንስ ላይ ከቁጥር አይገባም።

ዛሬም በአንድ ሌንስ ቴሌስኮፕ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሌላ መንገድ የለውም። የፕላስ አንድ መነጽር ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 1 ሜትር ነው። ሙሉውን ስፋቱን ብትጠቀሙበት የጨረቃ ጠርዝ ሐምራዊ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ካርቶን ብትሸፍኑት ግን ብዥታው 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆንና የጨረቃ ጉድጓዶች ይለያሉ። ጋሊልዮም ሌንሶቹን በካርቶን ቀለበት ይሸፍን ነበር።

አይዛክ ኒውተን ብርሃን ነጭ ሆኖ የሚታየው የብዙ ቀለማት ድብልቅ ስለሆነ መሆኑን በፕሪዝም አሳይቷል፤ ስለዚህ የሌንሱ ሕመም የት እንዳለ ከማንም በላይ ያወቀ እሱ ነበር። መድኃኒቱ ላይ ግን ተሳሳተ። የትኛውም ብርጭቆ ብርሃንን ባጠፈ መጠን ቀለማትን በዚያው ልክ ይለያል ብሎ ደመደመ። እንዲህ ከሆነ ቀለሙን የሚሽር ሁለተኛ ሌንስ መታጠፉንም አብሮ ስለሚሽር ትርፉ ተራ መስኮት ማግኘት ነው። ስለዚህ ሌንሱን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1668 በመስታወት የሚሠራ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ ሠራ። መስታወት ብርሃንን መልሶ ሲልክ ቀለም አይለይም።

የኒውተንን ድምዳሜ በሥራ ያፈረሰው ሙያው ጥብቅና የሆነ ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1730ዎቹ መጀመሪያ እርሳስ የተቀላቀለበት ፍሊንት የተባለ ብርጭቆ ቀለማትን ከመታጠፉ መጠን በላይ እንደሚለይ ተረዳ። ሐሳቡ እንዳይወጣበት ሁለቱን ሌንሶች ለሁለት የተለያዩ መነጽር ሠሪዎች አዘዘ፤ ሁለቱም ሥራውን ሳይተዋወቁ ለአንድ ሰው፣ ለጆርጅ ባስ፣ አሳልፈው ሰጡትና ባስ ሁለቱ ሌንሶች እንደሚጋጠሙ አየ ይባላል። ሐሳቡን ወደ ገበያ ያወጣውና እ.ኤ.አ. በ1758 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ግን ጆን ዶለንድ ነው።

ስሌቱ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው፤ ለእኔም ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። 100 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት እንፈልጋለን፤ ይህን ጉልበት 1 ብለን እንጥራው። ከክራውን ብርጭቆ ጉልበቱ 2.31 የሆነ፣ ማለትም በ43 ሚሊ ሜትር የሚሰበስብ እብጥ ሌንስ እንሠራለን። ከፍሊንት ደግሞ ጉልበቱ 1.31 የሆነ፣ መሃሉ ሰርጎድ ያለ በታኝ ሌንስ እንሠራለን። ከ2.31 ላይ 1.31 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ የምንፈልገው ጉልበት ይኸው። አሁን ቀለሙን እንይ። የክራውኑ 2.31 ለ64 ሲካፈል 0.036 ነው። የፍሊንቱ 1.31፣ የአቤ ቁጥሩ 36.4 ስለሆነ፣ ለዚያ ሲካፈል አሁንም 0.036 ነው። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ስለሚያጥፉ የቀለም መለያየቱ ይሻራል፤ ጉልበቱ ግን ይተርፋል። ኒውተን ያመለጠው ይህች ልዩነት ናት።

ጥንዱ ሌንስ ሌላም ውለታ ይውላል። በታኙ ሌንስ የጠርዙን ብርሃን ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ስለሚያጥፍ፣ ሰብሳቢው ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ካጠፈው ጋር ይካካሳል። የፊቶቹ ጉብታ በጥንቃቄ ከተመረጠ አንዱ ጥንድ ሁለቱንም ግድፈቶች ያቃልላል። ይህም ሆኖ ፍጹም አይደለም። ቀይና ሰማያዊ አንድ ቦታ ሲገናኙ በመሃል ያለው አረንጓዴ ትንሽ ቀድሞ ይሰበሰባል፤ በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ልዩነቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በትልልቅ ቴሌስኮፖች በደማቅ ኮከቦች ዙሪያ የሚታየው ቀጭን ሐምራዊ ክብ ከዚህ ቅሪት የመጣ ነው።

የስልኩን ሙከራ ለመጨረሻ ጊዜ የደገምኩት አንድ ዓይኑ ከተሰበረ አሮጌ ባይኖኩላር ባወጣሁት የፊት ሌንስ ነው። የትኩረት ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስልኩን 40 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምኩት። በዚህ ርቀት አንድ ነጠላ ሌንስ ቢሆን ኖሮ ቀይና ሰማያዊ በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቁ ነበር። ወረቀቱን ቀስ ብዬ አራቅሁ። የሰማያዊው መስመሮች ሲጠሩ የቀዩም አብረው ጠሩ፤ ማስመሪያዬን ይዤ በመካከላቸው የምለካው ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሌንሱን በጎን ወደ መስኮቱ ይዤ ስመለከተው ሁለቱ ብርጭቆዎች የተጣበቁበት መስመር ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታያል።